የትርጉም አፕ ያለ ኢንተርኔት፦ «ቋንቋውን አውርጃለሁ» ማለት ለምን አይበቃም?

የትርጉም አፑን ከፈታችሁ። የምትሄዱበትን አገር ቋንቋ ፈለጋችሁ። አጠገቡ ያለችውን የማውረጃ ቀስት ነካችሁ፣ ፋይሉ ወረደ። በቃ ተዘጋጀሁ ብላችሁ ሻንጣችሁን ትዘጋላችሁ። ከዚያ ትደርሳላችሁ፣ ኔትወርክ የለም ወይም ሮሚንጉ እሳት ነው፣ ዳታውን አጥፍታችኋል፣ ከፊታችሁ የቆመው ሰው ምን እንደምትሉ እየጠበቀ ነው። ማይኩን ስትነኩት ግራጫ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ወይም ይነካል፣ ግን ምንም አይጽፍም። ግራ ገብቷችሁ ዝርዝሩን ብታዩት ቋንቋው እዚያው አለ፣ «ወርዷል» ይላል።

አፑ አልዋሸም። ያወረዳችሁት ነገር ለወሬ ከሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች አንዱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ጆሮ፣ ተርጓሚ፣ አፍ

ማይኩን ነክታችሁ ስትናገሩና ወዲያው በሌላ ቋንቋ ድምፅ ሲወጣ አንድ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ከጀርባ ግን ሦስት የተለያዩ ፕሮግራሞች እየተቀባበሉ ነው። የመጀመሪያው ጆሮ ነው። የተናገራችሁትን ሰምቶ ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ሁለተኛው ተርጓሚው ነው። እሱ ድምፅ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ጽሑፍ ይቀበላል፣ በሌላ ቋንቋ ጽሑፍ ይመልሳል። ሦስተኛው አፍ ነው። የተተረጎመውን ጽሑፍ ያነበዋል።

ሦስቱም የየራሳቸው ፋይል አላቸው። እና ብዙ ጊዜ ያቺ የማውረጃ ቀስት የምታወርደው መሀለኛውን፣ ተርጓሚውን ብቻ ነው። ፋይሉ ትንሽ ነው። ጉግል በ2018 አዲሱን የኦፍላይን ትርጉም ሲያወጣ ለአንድ ቋንቋ ከ35 እስከ 45 ሜጋባይት እንደሚይዝ ተናግሮ ነበር። አንድ አጭር ቪዲዮ ከዚህ ይበልጣል። ጆሮውና አፉ ግን በአንድሮይድ ስልክ ላይ ከትርጉም አፑ ውጪ ናቸው። ሌላ አፕ ነው የሚያቀርባቸው፣ ኪቦርዱም ማንኛውም አንባቢ ፕሮግራምም የሚጋራው። ስለዚህ የትርጉም አፑ ውስጥ ገብታችሁ ብትፈልጓቸው ላታገኟቸው ትችላላችሁ።

አሁን ሁለት ሰው ሲያወራ አስቡት። እናንተን የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል፣ እሱን የሚሰማ ሌላ ጆሮ ያስፈልጋል። ለእሱ የሚያነብለት አፍ፣ ለእናንተ የሚያነብላችሁ አፍ። መሀል ላይ ተርጓሚው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ የቀጥታ ወሬው ይቆማል። ግን የሁሉም መጉደል እኩል አይጎዳም፣ ይህን ማወቅ ጭንቀቱን በግማሽ ያቀልላል። አፍ ከጎደለ ስክሪኑን ታሳያላችሁ፣ ያነበዋል። ጆሮ ከጎደለ ይጻፋል። ተርጓሚው ከጎደለ ግን ምንም የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወርደው ተርጓሚው ነው፣ ቀጥሎ የእነሱ አፍ፣ ቀጥሎ ጆሮዎቹ። የእናንተ አፍ የመጨረሻው ነው፣ ለእናንተ ማንበብ ይበቃችኋል።

የት ነው የሚወርደው?

በአንድሮይድ የጉግል ትርጉም አፕ ላይ ከላይ ጥግ ያለውን የራሳችሁን ምስል ስትነኩ Downloaded languages የሚል መስመር ታገኛላችሁ። የምትፈልጉትን ቋንቋ ከዚያ ታወርዳላችሁ። እንግሊዝኛውም መኖሩን ግን አረጋግጡ፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

አፉን ለማውረድ ወደ ስልኩ ሴቲንግ ግቡና በፍለጋው ሳጥን Text-to-speech ብላችሁ ጻፉ። ስልኮች ይህን ቦታ እያቀያየሩት ስለሆነ መንገዱን ከመሸምደድ መፈለግ ይሻላል። እዚያ ውስጥ የማርሽ ምልክቱን ነክታችሁ Install voice data የሚለውን ስትከፍቱ የቋንቋዎቹ ዝርዝር ይመጣል። ጆሮውን ለማውረድ ደግሞ በዚያው ፍለጋ Offline speech recognition ብላችሁ ሞክሩ። ካልመጣ በጉግል አፑ ሴቲንግ ውስጥ Voice በሚለው ስር ብዙ ጊዜ አለ። ቋንቋው በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ በቃ የለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ብትፈልጉት አይገኝም። ያ ቋንቋ ያለ ኢንተርኔት አይደመጥም ማለት ነው።

አይፎን ላይ ነገሩ ቀለል ይላል። የአፕል Translate አፕ ቋንቋውን ስታወርዱ ጆሮውንም ተርጓሚውንም አያይዞ ያመጣል፣ የውይይት ገጹም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በሴቲንግ ውስጥ በአፑ ስር On-Device Mode የሚል ማብሪያ አለ። እሱን ስታበሩት አፑ ኢንተርኔት ቢኖርም እንኳ ሁሉን ነገር ስልኩ ላይ ይሠራል። ጉዳቱ የቋንቋዎቹ ዝርዝር አጭር መሆኑ ነው። ሳምሰንግም ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2024 ወዲህ፣ Interpreter የሚል ፊት ለፊት ማውሪያ ገጽ አለው። ቋንቋዎቹን ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ያለ ዳታ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ስልክ አይቀየርም። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ስልክ በኮድ የሚገባበት የቡድን ውይይት ሁልጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኦፍላይን ማለት አንድ ስልክ፣ ሁለት ሰው ነው።

የእኛስ ቋንቋ?

አማርኛ ጉግል ትርጉም ላይ የገባው በየካቲት 2016 ነው፣ በፈረንጆቹ። ስለዚህ ኢንተርኔት ካለ አማርኛ ጽፎ ማስተርጎም አዲስ ነገር አይደለም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። አንድ አፕ አንድን ቋንቋ ይተረጉማል ማለት ያለ ኢንተርኔትም ይተረጉመዋል ማለት አይደለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የቋንቋዎቹን ዝርዝር ከፍታችሁ ከአማርኛ ጎን የማውረጃ ቀስት አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ቀስት ከሌለ ፋይል የለም።

ቀስቱ ከሌለ ያለው መንገድ በሁለተኛ ቋንቋ መሄድ ነው። አብዛኞቻችን የምንደፍረው እንግሊዝኛ ስለሆነ ስልኩን ከእንግሊዝኛ ወደ አገሬው ቋንቋ ታደርጉታላችሁ፣ አረብኛ የሚቀናችሁም በአረብኛ። እንግሊዝኛችሁ ይህን ያህል የሚያስመካ ባይሆን እንኳ አትፍሩ። አጭርና ተራ እንግሊዝኛ ለማሽኑ ከተራቀቀ እንግሊዝኛ ይሻለዋል፣ እዚህ ላይ የቋንቋ እጥረት እንዲያውም ይጠቅማል።

በአማርኛ ብቻ ልትሉት የምትፈልጉት ነገር ካለ ደግሞ፣ ለምሳሌ ስለ ጤናችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ዋይፋይ ባለበት አስተርጉማችሁ ስክሪንሾት አንሱት። አማርኛው ከላይ፣ የነሱ ቋንቋ ከታች፣ ሁለቱም በአንድ ስክሪን ላይ። ስክሪንሾት ፎቶ ነው። አፑ ቢበላሽም፣ ፋይሉ ቢጠፋም፣ እሱ ጋለሪ ውስጥ አለ።

ደካማ ኔትወርክ ከምንም ኔትወርክ ይብሳል

ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ኔትወርክ ጨርሶ ከሌለ አፑ ወዲያው ያውቀዋል፣ ወደ ወረደው ፋይል ይዞራል፣ መልስ ይሰጣችኋል። አንዲት መስመር እየበራች እየጠፋች ከሆነ ግን አፑ ኢንተርኔት አለ ብሎ ያምናል። ዓረፍተ ነገሩን ወደ ሰርቨር ይልካል፣ ይጠብቃል፣ አሁንም ይጠብቃል። ፋይሉ እዚያው ስልኩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ክቡ ይሽከረከራል። ሰውየው ሰዓቱን ያያል።

መፍትሔው ኤርፕሌን ሞድ ነው። ከማውራታችሁ በፊት ታበሩታላችሁ፣ አፑ ተስፋ ቆርጦ በራሱ ይሠራል። ገመድ አልባ ማዳመጫ ካላችሁ ብሉቱዙን መልሳችሁ ብቻውን ማብራት ትችላላችሁ፣ ኤርፕሌን ሞዱ አይጠፋም። ወሬው ሲያልቅ ታጠፉታላችሁ። ብዙ ሰው «ኦፍላይኑ አይሠራም» የሚለው ኦፍላይን ሆኖ ስለማያውቅ ነው። በግማሽ ኔትወርክ ሞክሮት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት የሚደረገው ፈተና

አንዲት መንገደኛ እንውሰድ። ወደ ቱርክ ልትሄድ ነው፣ እንግሊዝኛ ትሞክራለች፣ ቱርክኛ ሰላምታ እንኳ አታውቅም፣ ስልኳ አንድሮይድ ነው። እንግሊዝኛውንም ቱርክኛውንም አውርዳለች። አሁን ኤርፕሌን ሞድ ታበራለች፣ ዋይፋዩም መጥፋቱን ታያለች። ኤርፕሌን ሞድ በርቶ ዋይፋዩ ራሱን መልሶ የሚያበራበት ስልክ አለና ይህችን አትዝለሏት፣ አለበለዚያ ፈተናው ውሸት ይሆናል።

መጀመሪያ ጽሑፍ ትሞክራለች። ከላይ ቋንቋውን ራሷ እንግሊዝኛና ቱርክኛ ብላ ትመርጣለች፣ «ቋንቋውን ራስህ ለይ» የሚለውን አትተማመንበትም። ትጽፋለች፣ ይተረጎማል። ተርጓሚው አለ። ቀጥላ የስፒከሯን ምልክት ትነካለች፣ ቱርክኛው ይነበባል። አፍ አለ። ባይነበብ ኖሮ የድምፅ ፋይሉ አልወረደም ማለት ነበር። ከዚያ ማይኩን ነክታ በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ይጽፍላታል። የእሷ ጆሮ አለ።

የቀረው የእነሱ ጆሮ ነው፣ እና እሷ ቱርክኛ አትችልም። እንዴት ትሞክረው? ቀድማ ዋይፋይ እያለ በሌላ ስልክ ላይ አንድ የቱርክኛ ዜና ትከፍታለች፣ ያንን ስልክ ከማይኳ አጠገብ አድርጋ ታጫውተዋለች። የዜና አንባቢ ጥርት አድርጎ ስለሚናገር ጥሩ መፈተኛ ነው። የተጻፈው ትርጉም ይስጥ አይስጥ ግድ የለም። የሚታየው ቱርክኛ ፊደል መጻፍ መጀመሩ ነው። በእሷ ስልክ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ ማይኩ ኢንተርኔት ያስፈልጋል አለ፣ የውይይት ቁልፉም ግራጫ ነው። የቱርክኛ ጆሮ የለም።

ይህን ያወቀችው ቤቷ ቁጭ ብላ ስለሆነ መላ አለው። መጀመሪያ የጆሮውን ፋይል ከሴቲንጉ ትፈልጋለች። ካገኘች ጨረሰች። ካላገኘች ሁለተኛውን ታደርጋለች፦ የቱርክኛ ኪቦርድ ትጨምራለች። ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ሰውየው እንዲጽፍላችሁ ስልኩን ሰጣችሁት፣ ኪቦርዱ ላይ ግን የግዕዝና የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ አለ። በቱርክኛ ችግሩ ጥቂት ፊደላት ናቸው፣ በጃፓንኛ ወይም በታይኛ ግን አንድም ፊደል መጻፍ አይችልም። የኪቦርድ ቋንቋም እንደማንኛውም ፋይል ይወርዳል፣ እሱም ዋይፋይ እያለ ነው የሚወርደው።

እንግዳ ማረፊያው ላይ

ማታ ደረሰች። የማረፊያው ባለቤት ከቱርክኛ ሌላ አያውቅም። ጠዋት በሌሊት ትወጣለች፣ ሻንጣዋን ግን እስከ ማታ ልትተወው ትፈልጋለች። ማይኩን ነክታ በአንድ ትንፋሽ፣ ነገ ጠዋት አውቶቡሴ ቶሎ ስለሚነሳ በሩ ተቆልፎ ከሆነ እንዴት እንደምወጣ ብትነግረኝና ሻንጣዬንም ማታ እስክመለስ እዚህ ባስቀምጠው ቅር ይልህ እንደሆነ ልጠይቅህ ነበር፣ የሚል ነገር ትናገራለች።

ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ጆሮው የዓረፍተ ነገርን መጨረሻ የሚያውቀው በዝምታ ነው። መሀል ላይ ቃል ፍለጋ ትንሽ ቆም ካለች ያለቀ ይመስለውና የተናገረችውን ግማሽ ቆርጦ ይተረጉማል። ሁለተኛ፣ ስልኩ ላይ ያለው ተርጓሚ ሰርቨር ላይ ካለው በጣም ያነሰ ነው፣ ኪስ ውስጥ እንዲገባ ተጨምቋል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ ይምታታበታል። በሩን የሚቆልፈው ሻንጣው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ትቆራርጠዋለች። «ነገ ጠዋት ቶሎ እወጣለሁ።» ታሳየዋለች፣ ራሱን ይነቀንቃል። 05:30 ብላ በአሃዝ ትጽፋለች። «በሩ ክፍት ነው?» ይጽፍላታል፦ አይደለም፣ ቁልፉ እዚህ ነው፣ እያለ ወደ መስቀያው ይጠቁማል። «ሻንጣዬን እዚህ መተው እችላለሁ?» እሺ። «ማታ እመለሳለሁ።» 21:00 ትጽፋለች። አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ በየመሀሉ ፊቱን ታያለች። ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ካለ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አትደግመውም፣ በሌላ ቃል ትለዋለች። ያንኑ ብትደግመው ማሽኑ ያንኑ ስህተት ይደግመዋል።

ሁለቱም ጆሮ ላላቸው ስልኮችም አንድ ምክር አለኝ። የውይይት ገጹ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ በአንዴ እያዳመጠ ማን እንደተናገረ ራሱ የሚለይበት አማራጭ አለ፣ Auto ይባላል። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ያስደስታል። መናኸሪያ ላይ ግን የሦስተኛ ሰው ወሬ ይሰማና ይተረጉማል፣ የእናንተን እንግሊዝኛ በነሱ ቋንቋ ሰምቶ የማይገባ ነገር ይጽፋል። ለእያንዳንዱ ቋንቋ ለየብቻው ያለውን ማይክ እየነካችሁ በተራ ተናገሩ። ይዘገያል፣ ግን የት እንደተሳሳተ ታውቃላችሁ። ስልኩንም አፍ አጠገብ አድርጉት፣ በክንድ ርቀት ይዛችሁት አትጩሁ።

እና ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታዩት ትርጉሙን ሳይሆን የተሰማውን ጽሑፍ ነው። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የጆሮው ነው። በእንግሊዝኛ fifteen እና fifty፣ thirteen እና thirty ለማይክ በጣም ይመሳሰላሉ። ተርጓሚው የተሰጠውን በታማኝነት ይተረጉማል፣ አሥራ አምስቱ ሃምሳ ሆኖ ከገባ ሃምሳ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ቁጥር፣ ሰዓት፣ የገንዘብ መጠን፣ የቦታና የሰው ስም በድምፅ የማይላከው። ይጻፋሉ።

በእንግሊዝኛ በኩል የሚሄደው መንገድ

እንግሊዝኛው መኖሩን አረጋግጡ ያልኩት ለዚህ ነው። ኦፍላይን ፋይሎቹ የተሠሩት በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በአንድ ሌላ ቋንቋ መሀል ነው። ከፈረንሳይኛ ወደ ቱርክኛ ስታስተረጉሙ ስልኩ ፈረንሳይኛውን መጀመሪያ እንግሊዝኛ ያደርገዋል፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን ቱርክኛ። ሁለት ጊዜ ይተረጎማል፣ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል።

መንገድ ላይ የሚጠፋውም ነገር ይታወቃል። ፈረንሳይኛም ቱርክኛም እንደ እኛው አንተንና እርስዎን ይለያሉ። እንግሊዝኛ አይለይም። በክብር የተናገራችሁት እንግሊዝኛው ጋ ሲደርስ ክብሩ ይራገፋል፣ በሌላው በኩል ሲወጣ ስልኩ የመሰለውን ይመርጣል። አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ቅጭም ካደረጉ የተናገራችሁት ሳይሆን የተነገራቸው ነገር ሊሆን ይችላል። ፈገግታና ጎንበስ ማለት ኢንተርኔት አይፈልጉም።

ትርጉሙ ትክክል ይሁን አይሁን የምታውቁበት አንድ ፈጣን ዘዴ አለ፦ የወጣውን ጽሑፍ ገልብጣችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። የተመለሰው ከተናገራችሁት ጋር ካልተመሳሰለ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል፣ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩ። ከተመሳሰለ ግን መቶ በመቶ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሲሄድ የተሳሳተውን ሲመለስ በዚያው መንገድ አስተካክሎ የሚደብቅበት ጊዜ አለ። ይህ ዘዴ መጥፎውን ለመያዝ ጥሩ ነው፣ ጥሩውን ለማረጋገጥ ደካማ።

ትንሽ ዳታ ካላችሁ

ዳታ ጨርሶ የሌላችሁ ላይሆን ይችላል፣ ውድ ብቻ ነው። ታዲያ በምን ላይ ታውሉታላችሁ? ጽሑፍ ምንም አይበላም። አንድ የግዕዝ ፊደል ሲላክ ሦስት ባይት ነው፣ መቶ ፊደል ያለው መልእክት ሦስት መቶ ባይት፣ የመላኪያው ወጪ ቢጨመርበት እንኳ ጥቂት ኪሎባይት። ድምፅ ግን ይለያል። ለንግግር መለያ የሚቀዳ ተራ ድምፅ ሳይጨመቅ በሰከንድ 32 ኪሎባይት ነው፣ በደቂቃ ወደ ሁለት ሜጋባይት ይጠጋል። አፖች ስለሚጨምቁት የሚላከው ከዚህ ያንሳል፣ ቢሆንም ከጽሑፍ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ ውድ ዳታ ካላችሁ በጽሑፍ ተጠቀሙበት። የከበደ ነገር ሲመጣ፣ ኦፍላይኑ የማይረባ ትርጉም ሲሰጣችሁ፣ ኤርፕሌን ሞዱን አጥፉ፣ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አስተርጉሙ፣ መልሳችሁ አብሩት። አማርኛውም በዚያች ደቂቃ ይሠራላችኋል። ነገር ግን ዳታው እንደተከፈተ ዋናው ጅብ ትርጉሙ አይደለም። ፎቶዎቻችሁን ወደ ክላውድ የሚጭነው አፕ፣ ራሱን የሚያድሰው ሌላው፣ ስትከፍቱት ቪዲዮ የሚጀምረው ሦስተኛው፣ ሁሉም በሩ ተከፈተ ብለው ይሮጣሉ። አንድሮይድ ላይ Data Saver አብርታችሁ ለትርጉም አፑ ብቻ ፍቀዱለት። አይፎን ላይ Low Data Mode አለ፣ ከዚያም በሴሉላር ዝርዝሩ ውስጥ የማትፈልጓቸውን አፖች አንድ በአንድ ታጠፋላችሁ።

ፋይሉ ሳታውቁት ሲጠፋ

ሁሉን ካዘጋጃችሁ በኋላ ስልኩ ራሱ ሊያፈርሰው ይችላል። አይፎን ላይ Offload Unused Apps የሚል ማብሪያ አለ። ቦታ ሲጠብ ብዙ ያልከፈታችሁትን አፕ ያነሳዋል፣ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ይቀራል፣ ስትነኩት እንደገና ላውርድ ይላል። ኢንተርኔት የለማ! የትርጉም አፕ ደግሞ አገር ቤት ሳላችሁ ለወራት የማትከፍቱት ዓይነት ስለሆነ ለዚህ የተመቸ ነው። አንድሮይድም በፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ አፖችን በራሱ የሚያሽግ ተመሳሳይ ነገር አለው። ሁለቱንም ከጉዞ በፊት አጥፉ። «ስልክ አጽዳ» የሚሉ አፖችንም አትመኑ፣ የወረደው ቋንቋ ለእነሱ ቆሻሻ ይመስላቸዋል።

ሌላው የቆየ ፋይል ነው። ካለፈው ዓመት የቀረ ቋንቋ ካላችሁ አፑ ሲታደስ ፋይሉም መታደስ ሊፈልግ ይችላል፣ ከጎኑ የማደሻ ምልክት ይታያል። ስለዚህ ፈተናውን ያደረጋችሁት ከሳምንት በፊት ከሆነ በመውጫችሁ ዋዜማ አንዴ ድገሙት። ኤርፕሌን ሞድ፣ ጽሑፍ፣ ስፒከር፣ ማይክ፣ ሌላው ማይክ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ባትሪውንም አስቡበት። ስልኩ ራሱ ሲሰማ፣ ሲተረጉምና ሲያነብ ይሞቃል፣ ቻርጁም ቶሎ ይወርዳል፣ አሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ መልሱ ይዘገያል። ዘገየ ብላችሁ ማይኩን ደጋግማችሁ አትንኩት፣ የጀመረውን ያቋርጠዋል።

መድኃኒት መጠን ላይ፣ ፖሊስ ጋ ቃል ስትሰጡ፣ ወይም የምትፈርሙት ወረቀት ላይ ግን ኦፍላይን ትርጉም አትጠቀሙ። እዚያ ላይ የጎደለ አንድ «አይ» ሁሉን ይገለብጠዋል፣ እና የተጨመቀው ተርጓሚ አሉታን የሚጥልበት ጊዜ አለ። ሐኪም ጋ ከሆናችሁ ያዘጋጃችሁትን ስክሪንሾት አሳዩ፣ የመድኃኒቱን ስም ከነካርቶኑ አቅርቡ፣ በቀን ስንት ጊዜ ስንት ፍሬ እንደሆነ በአሃዝ አጽፉ። ፖሊስ ጋ ወይም ውል ላይ ከሆናችሁ ሰው አስተርጓሚ እስኪመጣ አትፈርሙ።